ከአልጋው መጋረጃ ሥር የታዩት እግሮች

በዚያ ዘመን አዳማ ከባቡር ጣቢያው ግራና ቀኝ የተበተነች፣ አቧራዋ ከነዋሪዋ የሚበዛ ከተማ ነበረች። ባቡር ሲመጣ ትነቃለች፣ ባቡር ሲሄድ መልሳ ታንቀላፋለች። በጣቢያው አጥር ጥግ፣ ከአንድ ግራር ሥር፣ ወልደአማኑኤል የሚባል ሰው ሣጥኑን ከፊቱ አድርጎ፣ ብዕሩን ጆሮው ላይ ሰክቶ ይውላል። ሥራው አቤቱታ መጻፍ ነው። በሬ የጠፋበት፣ ድንበር የተገፋበት፣ ሚስት የኮበለለችበት ሁሉ መጥቶ ጉዳዩን ይዘረግፍለታል። እሱም የጠፋውን በሬ አሳምሮ ከመጻፉ የተነሣ ባለቤቱ ራሱ ሲነበብለት ይህን በሬ አላውቀውም ይላል።

ወልደአማኑኤል ከሸዋ ደጋ የወረደ የቅኔ ተማሪ ነበርና ሰው ሁሉ ደብተራ ይለዋል። ለቃል ሟች ነው። ጥሩ አባባል የሰማ ቀን ምሳ ባይበላም ግድ የለው። ዓይኑ ግን፣ እውነቱን መናገር ይሻላል፣ ሰነፍ ነበር። ሚስቱ ዘርፉ አዲስ ቀሚስ ለብሳ በፊቱ ብትመላለስበት አያይም። ቀሚሱ ላይ ፊደል ተጽፎበት ቢሆን ከሐዲዱ ማዶ ሆኖ ያነበው ነበር። ዘርፉ የአዳማ ልጅ ናት፤ ከእናቷ በኦሮምኛ፣ ከእሱ ጋር በአማርኛ ታወራለች፣ በሁለቱም ትተርባለች። ባሏን አንተ ነው የምትለው። አንቱ ያለችው ዕለት ተናዳለች ማለት ነው፤ ያን ዕለት ወልደአማኑኤል ከግራሩ ሥር ቶሎ አይነሣም።

ታዲያ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ አራት ዓመተ ምሕረት በከተማይቱ አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ኃላፊው አቶ ገብረወልድ የሚባሉ፣ ግብፅ ተምረው የመጡ፣ ንግግራቸው አጭር ፊታቸው የማይነበብ ሰው ነበሩ። ለትምህርት ቤቱ የአማርኛ አስተማሪ እንደሚፈልጉ ሲሰማ ወልደአማኑኤል ልቡ ተነሣ። እንዴት አይነሣ? ክረምት በመጣ ቁጥር የሰው እንባ የተጻፈበትን ወረቀት ብብቱ ውስጥ ወሽቆ፣ ሣጥኑን ተሸክሞ ወደ ጣቢያው በረንዳ የሚሮጥ ሰው ነው። ዘበኛው ደግሞ ከበረንዳው ያባርረዋል። ጣራ ፈለገ። ከጣራውም ይበልጥ፣ በዕድሜው አንድ ጊዜ እንኳ ስለ ጠፋ በሬ ያልሆነ ነገር ለሰው ማስተማር ፈለገ። በዚያ ላይ ለዘርፉ ሥራውን አገኘሁት ብሎ ነግሯታል፤ ዘርፉ ደግሞ ለእናቷ ነግራለች፤ ለእናቷ የተነገረ ነገር ቢሾፍቱ ገበያ ላይ ይወራል። እንግዲህ ሥራው ካልተገኘ ወደ ግራሩ መመለስ ብቻ አይደለም፤ ሲስቁበት ውሎ መግባትም አለ።

አመልካቾቹ ሦስት ነበሩ። አቶ ገብረወልድ ሦስቱንም አስቀምጠው ፈተናውን ነገሯቸው። እሳቸው የደረሱት አደራ የሚባል ቴያትር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በባቡሩ ዕቃ መጋዘን ይታያል። ሦስቱም ያዩታል። ካዩ በኋላ ስለ አሠራሩ ይጽፉና ሰኞ ያስረክባሉ። የተሻለ የጻፈው ይቀጠራል።

«ቃሉ ማማሩን አትንገሩኝ፤ ቃሉን እኔ ነኝ የጻፍኩት» አሏቸው። «መድረኩ ላይ የሆነውን ጻፉልኝ። ባለ ታሪኩ የማያውቀውን ሕዝቡ ሲያውቅ ምን እንደሚሆን ጻፉልኝ። እዚህ የሚቀጠር አስተማሪ በየዓመቱ ከልጆቹ ጋር ቴያትር ያሠራል፤ ማየት የማይችል ሰው ማሠራት አይችልም።»

ወልደአማኑኤል ይህን ሁሉ ሰማ፤ ግን ከሰማው ውስጥ ጆሮው ላይ የቀረችው «ቃሉ» የምትለው ብቻ ነበረች። ሌላውን የትሕትና ንግግር አድርጎ አሳለፈው። ደራሲ ነኝ የሚል ሰው ቃሌን አታድንቁልኝ ሲል አድንቁልኝ ማለቱ እንደሆነ በቅኔ ቤት ያየው ነገር ነው። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ሄዶ እጅ ነሣና የቴያትሩን መጽሐፍ አንድ ከሰዓት እንዲያውሱት ለመነ። እሳቸውም አዋሱት።

ስሕተቱ የተሠራው እዚህ ላይ ነው። ስሕተቱም የስንፍና ሳይሆን የትጋት ነው፤ እንዲህ ያለውን ስሕተት በብራና ላይ ያደገ ሰው ካልሆነ ማንም አይሠራውም።

አቶ ገብረወልድ ተዋንያኑ የሚናገሩትን በጥቁር ቀለም፣ የሚያደርጉትን በቀይ ቀለም ጽፈው ነበር። ማን እንደሚገባ፣ የት እንደሚቆም፣ መቼ እንደሚወጣ፣ ይህ ሁሉ ቀይ ነው። ወልደአማኑኤል ገና ገጹን ሲገልጥ ደስ አለው፤ የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ መሰለው። እዚያም ቢሆን ካህኑ እዚህ ላይ ያጥናል፣ ሕዝቡ እዚህ ላይ ይሰግዳል የሚለው ትእዛዝ በቀይ ይጻፍ የለ? ጸሐፊ ደግሞ ሲገለብጥ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ጥቁሩን ይጨርሳል፤ የቀዩን ቦታ ባዶውን እየተወ ያልፋል። በኋላ ቀይ ቀለሙን በጥብጦ ተመልሶ ይሞላዋል። ወልደአማኑኤልም እጁ እንደለመደው ጥቁሩን ብቻ እየገለበጠ፣ ቀዩን እየዘለለ ሄደ። የመጀመሪያዎቹን ቀዮች ሰረቅ አድርጎ አይቷቸዋል፤ «ይገባል»፣ «ይቀመጣል»፣ «ውሃ ይጠጣል» ይላሉ። ሌሎቹም የዚያው ወንድሞች ይሆናሉ ብሎ ተዋቸው። ቀይ ቀለሙ ከቤቱ ደርቆ ነበርና በዕለቱ አልተሞላም። መጽሐፉን መለሰ። እጁ ላይ የቀረው በየመካከሉ ባዶ ቦታ ያለበት፣ ጥቁር ብቻ የሆነ ቴያትር ነው።

ያንን ይዞ ተቀመጠና ዓርብ ዕለት ጽሑፉን ጻፈ። ቅዳሜን ለምን ይጠብቅ? ቃሉ እጁ ላይ ነው። ቅዳሜ የሚሆነው ይህንኑ ቃል ጮክ ብሎ ማንበብ አይደለም?

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። አንድ ባለጸጋ ጌታ ሩቅ አገር ሊሄድ ይነሣል። ማኅተሙ በክፉ ሰው እጅ እንዳይወድቅ ስለሚፈራ ብቻውን ሆኖ ይጸልያል፤ «አምላኬ ሆይ፣ ማኅተሜን ከጎተራው ሥር ቀብሬዋለሁ፤ በዚህ ቤት ከአንተ በቀር የሚሰማኝ የለም» ይላል። ቀጥሎ ሎሌውን ይጠራዋል። ሎሌው «አቤት ጌታዬ፣ ከደጅ ነበርኩ» ብሎ ይመጣል፤ ጌታውም ቤቱን በአደራ ይሰጠዋል። በሁለተኛው ክፍል ማኅተሙ ይጠፋል። በሦስተኛው ጌታው ከዳኛ ፊት ቆሞ ጎረቤቱን ሁሉ ይከሳል፤ ሎሌውን ግን በአደራው ይመካበታል።

ጥቁሩን ብቻ ላነበበ ሰው ጌታው ጻድቅ፣ ሎሌው ታዛዥ ነው። ወልደአማኑኤል እንዲህ ብሎ ጻፈ፤ «ከሁሉ የምታምረው ጌታው ብቻውን ሆኖ የሚጸልያት ጸሎት ናት። በዚያች ሰዓት ሕዝቡ ቅዳሴ ላይ እንደቆመ ጸጥ ይላል፤ እንባውን የሚጠርግም አይጠፋም። ሎሌው እስከ መጨረሻው ታማኝ ስለሆነ የማኅተሙ ሌባ ማን እንደሆነ ተመልካቹ ሳያውቅ፣ እንደተጨነቀ ይበተናል።» ጽሑፉን ለዘርፉ ሲያነብላት ያ ሕዝብ መቼ እንዳለቀሰ ጠየቀችው። ነገ ያለቅሳል አላት።

ቅዳሜ ደረሰ። መጋዘኑ ከሆራ አርሰዲ የእሬቻ በዓል የተረፈ ሰው ሁሉ የመጣበት ይመስል ግጥም አለ። ነጋዴው፣ ገበሬው፣ የሐዲዱ ሠራተኛ፣ ግመሉን ከውጭ አስሮ የመጣውም ሳይቀር በጆንያ ላይ ተደራርቦ ተቀመጠ። አብዛኛው ቴያትር የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም። ወልደአማኑኤል ነጭ ለብሶ መጣና ከበሩ ላይ ለአቶ ገብረወልድ ጽሑፉን በሁለት እጁ አቀረበ። አቶ ገብረወልድ ወረቀቱን፣ ቀጥሎም ሰውየውን አዩ። ቴያትሩ ገና መሆኑን አስታወሱት። እሱም ያነበበ ሰው ከማየት እንደማይጎድል በትሕትና መለሰ። እሳቸውም ወረቀቱን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱና ከአጠገባቸው ወንበር ሰጡት። ወልደአማኑኤል ክብር ተሰማው። ከሁለቱ ተወዳዳሪዎቹ አንዱ በር ላይ፣ ሌላው ጆንያ ላይ ነበሩ።

ይህን ጊዜ የሆነውን ግን ለእናንተ ልንገራችሁ። አቶ ገብረወልድ ተዋንያኑን አይቼ ልምጣ ብለው ወደ ጓዳ ዞር አሉና ጽሑፉን ከአንዲት ጠባብ መስኮት ሥር ቆመው ከዳር እስከ ዳር አነበቡት። ሲጨርሱ አጣጥፈው ወደ ኪሳቸው መለሱት። ተመልሰውም ከወልደአማኑኤል አጠገብ ተቀመጡ፤ ወንበራቸውን ግን ትንሽ አዘንብለው፣ መድረኩንም የሰውየውንም ፊት በአንድ ጊዜ ማየት እንዲችሉ አድርገው ነው። ይህን እሳቸው ያውቃሉ፤ እኔና እናንተም አወቅን። እሱ ብቻ አያውቅም።

ደወል ተደወለ። ጌታውን የሆነው የስልክ ቤቱ ጸሐፊ ሙሉአለም ነው፤ ካባ ደርቦ፣ ጢም ለጥፎ ገባ። ከመድረኩ ጥግ አልጋ አለ። ለአልጋው መጋረጃ የሚሆነውን አቡጀዲ ያዋሰችው ነጋዴዋ ሀጂራ ናት፤ እንዳይቆረጥ እንዳይቀጠል ብላ ስላስማለች መጋረጃው ከመሬት አንድ ክንድ ያህል አጥሮ ቀርቷል። እሷም ጨርቋን ለመጠበቅ ፊት ተቀምጣለች።

ጌታው ሊጸልይ ሲነሣ ሎሌው ከጓዳ ብቅ አለ። ሎሌውን የሆነው የዘርፉ ወንድም መርዳሳ፣ ከባቡሩ ዕቃ የሚያወርድ ግዙፍ ሰው ነው። በጣቱ እየረገጠ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ከጌታው ጀርባ አለፈና ከአልጋው መጋረጃ ኋላ ገባ። መርዳሳ ተደበቀ። እግሮቹ ግን አልተደበቁም። ከመጋረጃው ሥር፣ ጫማ አይተው የማያውቁ፣ እንደ ሳንቃ የሰፉ ሁለት እግሮች ለሕዝብ ቀረቡ።

ወልደአማኑኤል ግራ ገባው። ይህ ሰው እዚህ ምን ይሠራል? በእሱ ግልባጭ ላይ እዚህ ቦታ የሚናገር ሎሌ የለም። ባዶ ቦታ እንጂ።

ሙሉአለም እጁን ዘርግቶ፣ ዓይኑን ወደ መጋዘኑ ጣራ ሰቅሎ፣ ያችን ውብ ጸሎት ጀመረ። «አምላኬ ሆይ፣ ማኅተሜን ከጎተራው ሥር ቀብሬዋለሁ፤ በዚህ ቤት ከአንተ በቀር የሚሰማኝ የለም።»

መጋዘኑ በሳቅ ፈረሰ። ሀጂራ ጨርቋን ረስታ ጉልበቷን ትመታለች። ሴቶቹ ተደጋግፈው ያለቅሳሉ፤ ወልደአማኑኤል እንባውን በትክክል ተንብዮ ነበር፣ ምክንያቱን ነው እንጂ የሳተው። ከኋላ የዘርፉ ሳቅ ከሁሉ በላይ ሲወጣ ሰማው። አንድም ቃል አልተለወጠም። እሱ በጥቁር የገለበጠው፣ ጻድቅ ያሰኘው ያው ቃል ነው። ግን ከቃሉ ኋላ ሁለት እግሮች ቆመዋል፤ እግሮቹ ካሉ ጌታው ጻድቅ ብቻ ሳይሆን ምስኪን ሞኝም ነው። ደብተራው የጻፈውን አንድ በአንድ አስታወሰ። የሎሌው ታማኝነት፣ የሕዝቡ ጸጥታ፣ ሌባውን ማንም አለማወቁ፣ ሁሉም ሲፈርስ በዓይኑ አየ። ጽሑፉ ደግሞ ከአጠገቡ ካለው ኮት ኪስ ውስጥ ነው።

ሳቁ ገና ሳይበርድ ሌላ ጉድ መጣ። ነገሪ የሚባሉ የተከበሩ ሽማግሌ ዘንጋቸውን ተደግፈው ከመካከል ቆሙ። በዚያን ጊዜ በመንደር ዕቃ ሲጠፋ አገር በሙሉ ተሰብስቦ ያየውን በመሐላ ይናገራል፤ አይቶ የደበቀ ከሌባው ጋር ዕዳ ይከፍላል። ለነገሪም የታያቸው ይኸው ነው፤ ሰው ሊሰርቅ ሲደበቅ አይተዋል።

«ያ ጎፍታ፣ ጌታው ሆይ» አሉ ወደ ሙሉአለም ጮክ ብለው፣ «ሰውየው ከመጋረጃው ኋላ ነው ያለው። እኔ አይቻለሁ። አይቼ ዝም ብል ነገ ምን ብዬ እምላለሁ?»

ሕዝቡ ጸጥ አለ። የሽማግሌው ነገር ትክክል ነውና የሚስቅ ጠፋ። ሙሉአለም እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ያን ጊዜ ከመጋረጃው ሥር የመርዳሳ ግራ እግር ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ፤ አውራ ጣቱ ብቻ ውጭ ቀረ፤ ቆይቶ እሱም ገባ። ሙሉአለም ደግሞ ምንም እንዳልሰማ ሆኖ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ከአንተ በቀር የሚሰማኝ የለም» የምትለዋን ደገማት። ከመጀመሪያው የባሰ ሳቅ ሆነ። ነገሪም ራሳቸው እየሳቁ ተቀመጡ፤ እንግዲህ ሰውየው አልሰማም ካለ የራሱ ጉዳይ ነው ብለው ለጎረቤታቸው አስረዱ።

ሁለተኛው ክፍል እንዴት እንዳለፈ ወልደአማኑኤል አያውቅም፤ ከኪስ ወረቀት ስለማውጣት ሲያስብ ነበር። ሦስተኛው ግን ያዘው። ጌታው ከዳኛው ፊት ቆሞ ሁሉን ከከሰሰ በኋላ እጁን በሎሌው ትከሻ ላይ ጣል አደረገና፣ «ሁሉንም መርምሩ፤ ይህን ልጅ ግን አትንኩብኝ፤ በእሱ እምላለሁ» አለ። በወልደአማኑኤል ግልባጭ የሎሌው መልስ ወዲያው ይቀጥላል፤ «አቤት ጌታዬ»። በጽሑፉም ላይ ሎሌው ፈጥኖ በትሕትና መለሰ ብሏል። መርዳሳ ግን አልመለሰም። ቆመ። ያ ሁሉ ግዙፍ ሰውነት ከጌታው እጅ ሥር ትንሽ በትንሽ ያነሰ መሰለ። ሕዝቡ ጠበቀ። ከውጭ ግመል ሲያመነዥግ ይሰማል። ቅድም የሳቀው ሰው ሁሉ አሁን ሌባውን እያወቀ፣ ጌታው አለማወቁን እያወቀ፣ ትንፋሹን ይዞ ተቀመጠ። ነገሪ እንኳ አልተነሡም፤ አንገታቸውን ደፍተው ሰውየው ራሱ እንዲናገር ይጠብቃሉ። መርዳሳ በመጨረሻ «አቤት ጌታዬ» ሲል ድምፁ አልወጣም። ጌታው ዓይኑን ጨፍኖ ሲመርቀው ሎሌው ማኅተሙን ከመቀነቱ አውጥቶ በቀስታ ከጌታው እግር ሥር አኖረና ወጣ። ቴያትሩ አለቀ። ጌታው እስከ መጨረሻው አላወቀም።

ወልደአማኑኤል አለቀሰ። በጽሑፉ ላይ ስላለው እንባ አይደለም፤ ሳያስበው ነው የወረደው። በግልባጩ ላይ ያ ዝምታ የት እንዳለ ትዝ አለው። ባዶ የተወው ቦታ ነው። በመጽሐፉ ላይ ግን እዚያው ቦታ በቀይ «ዝም ይላል» የሚል ተጽፎ ነበር።

ሰው ሲበተን ወደ አቶ ገብረወልድ ጠጋ አለ። እውነቱን ለመናገር አላሰበም፤ ደብተራ ነውና መጀመሪያ መላ ሞከረ። ጽሑፉ ውስጥ አንዲት ፊደል እንደተሳሳተች አሁን ትዝ እንዳለው ነገራቸው። አቶ ገብረወልድ ፊታቸው እንደተለመደው ነው። የትኛዋ ፊደል እንደሆነች ጠየቁ። ከመጀመሪያው ገጽ ናት አለ። ምን ላይ እንዳለች ጠየቁ። ጸሎቱ ላይ አለ። ከዚያስ ወዲያ የተሳሳተ የለም ወይ አሉ። ሎሌውም ላይ ጥቂት አለች አለ። ሕዝቡስ ላይ ቢሉት ወልደአማኑኤል ከዚህ በላይ መቆፈር አቃተው።

«ሁሉም ስሕተት ነው፣ ጌታዬ» አላቸው። «ጥቁሩን ብቻ ነው የገለበጥኩት። ቀዩን አላነበብኩም። ቢነበብም ዛሬ ያየሁትን አይነግረኝም ነበር።»

«አንብቤዋለሁ» አሉ አቶ ገብረወልድ።

«መቼ?»

«ደወሉ ሳይደወል። እግሮቹ ሲታዩ ከቴያትሩ ይልቅ የማየው አንተን ነበር።» ወረቀቱን ከኪሳቸው አውጥተው እጁ ላይ አስቀመጡለት። «ቀጠሮው ሰኞ ነው ብያለሁ፤ ዛሬ ገና ቅዳሜ ነው።»

ወደ ቤቱ ሲሄድ ወልደአማኑኤል መንገዱን ሙሉ ራሱን ከዚያ ወንበር ላይ ሲያየው ተቃጠለ። ለካ ከመጋዘኑ ሁለት ጌቶች ነበሩ፤ አንደኛው መድረክ ላይ ጢም ለጥፎ፣ ሁለተኛው ነጭ ለብሶ ከታች ተቀምጦ። ቤት ሲደርስ ዘርፉ በር ላይ ጠበቀችውና ሕዝቡ እንዴት አለቀሰ፣ አንቱ ደብተራ፣ አለችው። አንቱ የምትለው ስትናደድ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። በራሱ ሲስቅ አይታው አታውቅም ነበር፤ ያን ዕለት ግን ከእሷ ጋር በራሱ ሳቀ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ መርዳሳን ምሳ ጠራው፤ ክርክሩ ከምሳው በፊት ተጀመረ። ወልደአማኑኤል ግራ እግሩን ስላሸሸበት ነገር ሊያመሰግነው ይፈልጋል። ሽማግሌው ሲመሰክሩ የሌባው ልብ ሲደነግጥ በእግሩ ጣት ማሳየት ትልቅ ጥበብ እንደሆነ ነገረው።

«ጉንዳን ነው እኮ» አለ መርዳሳ። «መጋዘኑ እህል ይፈስበታል። አውራ ጣቴን ነው የያዘችኝ።»

ወልደአማኑኤል ምስጋናው ፈረሰበት። ጉንዳን ከሆነ ታዲያ ምን ብሎ ይጽፋል? የእውነቱ ጉንዳን ነው። ዘርፉ ግን ከምድጃው ዘወር ሳትል፣ እሷ ጉንዳን እንዳላየች፣ የሚያፍር ሌባ እንዳየች፣ መጋዘን ሙሉ ሰውም ያየው ይህንኑ እንደሆነ ተናገረች። ቢፈልግ ሀጂራን ይጠይቅ። ወልደአማኑኤል ሀጂራን ሊጠይቅ ሄደ። ነገሪንም ጠየቀ። ዕድሜውን ሙሉ ሰው እየመጣ ነገረው እንጂ እሱ ሄዶ ምን አየህ ብሎ ጠይቆ አያውቅም ነበር።

ከዚያ ጻፈ። ያማሩ ቃላት ሲመጡበት እንደ ዝንብ እየመታ ጻፈ። ጥቁሩ ምን እንደሚል በመጀመሪያ አስቀመጠ፤ ጌታው ሰሚ የለኝም ይላል። ቀጥሎ ቀዩ ምን እንደሚያዝ፤ ሎሌው ከመጋረጃው ኋላ ይቆማል፣ ሕዝቡ ያየዋል፣ ጌታው አያየውም። ይህን ለማረጋገጥ መጽሐፉን እንደገና ለምኖ አንብቦታል። ከዚያ በጥቁርም በቀይም ያልነበረውን ጻፈ፤ መጋረጃው አጭር ስለነበር እግሮቹ ከጌታው ቃል ጋር እኩል ሲናገሩ እንደነበር፤ ነገሪ ዕውቀቱን መሸከም አቅቷቸው እንደተነሡ፤ ሙሉአለም ያልሰማ መስሎ ቃሉን በመድገሙ የጌታው አለማወቅ ከበፊቱ ይልቅ እንደገነነ። ስለ ጉንዳኑ እንዲህ አለ፤ «ተዋናዩ ጉንዳን ነከሰኝ ይላል። ተመልካቹ ግን ሌባው ሲሸማቀቅ አይቷል። ስለ ቴያትር አሠራር የሚጽፍ ሰው ሁለቱንም ሊያውቅ ይገባዋል፤ የሚመዝነው ግን የታየውን ነው።» ወደ መጨረሻውም፣ በመጀመሪያው ክፍል ሕዝቡን ያሳቀው ያው ዕውቀት በሦስተኛው ላይ ስላስጨነቀው ነገር ጻፈ። ሎሌው ዝም ሲል ጌታው የሚሰማው ታማኝነት ነው፤ ሕዝቡ የሚሰማው ጸጸት ነው፤ አንዱን ዝምታ ሁለት ጆሮ ለየብቻው ሰማው አለ።

ጽሑፉ ከመጀመሪያው አጠረ። ለዘርፉ ሲያነብላት ይህ ሲሆን እኔም ነበርኩ አለችው። ከዚያ በፊት በጻፈው ነገር ላይ እንዲህ ብላው አታውቅም።

ሰኞ ጠዋት አቶ ገብረወልድ የሦስቱንም ጽሑፍ ከመማሪያው ክፍል ደጅ ቆመው አነበቡ። ሁለቱ ተወዳዳሪዎች ጽሑፋቸውን ሰጥተው ሄደዋል፤ ወልደአማኑኤል ግን ከበሩ አጠገብ ቀረ። ያነባሉ፤ ፊታቸው ላይ የሚታይ ነገር የለም። የእሱን ወደ መጨረሻ አነበቡት። አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሰው አንድ ገጽ ደገሙ። ከዚያ አጣጠፉት። ወልደአማኑኤል ቃል ጠበቀ። ጥሩ ነው ይላሉ፣ ወይም አዝናለሁ ይላሉ፤ ሁለቱንም ለመስማት ተዘጋጅቷል።

ምንም አላሉም። የክፍሉን በር ከፈቱ፤ ልጆቹ ተነሡ። ከጠረጴዛው ላይ አንድ ጠመኔ አንሥተው በወልደአማኑኤል መዳፍ ላይ አኖሩና፣ እሳቸው በልጆቹ መካከል አልፈው ከመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። እሱም በሩ ላይ ቆሞ ቃሉን መጠበቁን ቀጠለ። እየቆየ፣ ቃሉ እንደማይመጣ፣ የሚነገረውም ሁሉ እንደተነገረ ገባው። ወደ ሰሌዳው ሄደ።

ማምሻውን ዘርፉ እናቷን ይዛ ከደጅ ተቀምጣ ሳለ ደረሰባቸው። ሁለቱም ተነሡ። ዘርፉ ፊቱን አየችና ከፊቱ ምንም ማንበብ አልቻለችም፤ ይህን ከአቶ ገብረወልድ ሳይማር አልቀረም።

«ምን አሉህ?» አለችው።

«ምንም አላሉኝም።»

እናቷ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰበሰበች። ዘርፉ ተው፣ ግራሩም አይጠላም፣ ሐሳብ አይግባህ ማለት ጀመረች፤ ድምፅዋ ግን ከቃሉ ጋር አልሄደም። ወልደአማኑኤል ዝም ብሎ ቆመ። ትንሽ እንድትቆይ ፈለገ፤ ጨካኝ ሆኖ ሳይሆን ደስታው በአንዴ እንዳያልቅበት ነው። ከዚያ እጆቹን ከኋላው አምጥቶ ዘረጋላት። እስከ አንጓው ድረስ በጠመኔ ነጭ ሆነው ነበር።